Cc ቢያድግም አልረጋ ያለ ኦፕ-አምፕ፦ የቀኝ ዜሮው እና የማጥፊያ ሬዚስተሩ

ምልክቱ

ባለ ሁለት ደረጃ ሲሞስ ኦፕ-አምፕ ነድፈው ሲሙሌሽን ላይ ፌዝ ማርጅኑ 30 ዲግሪ አካባቢ ወጣ እንበል። በዩኒቲ ጌይን አገናኝተው ትንሽ ስቴፕ ሲሰጡት ውጤቱ ቶሎ አይረጋም፣ ይወዛወዛል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናደርገው የማካካሻውን ካፓሲተር Cc እጥፍ ማድረግ ነው። ባንድዊድዙ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስሉ ሬቱም አብሮት ይወርዳል፤ ማርጅኑ ግን የተከፈለለትን ያህል አይነሳም።

የቦድ ፕሎቱን ጠጋ ብለው ይዩት። የጌይኑ መስመር ቁልቁለቱን እያረገበ፣ ፌዙ ግን መውደቁን ከቀጠለ ጥፋተኛው የቀኝ ግማሽ ዜሮ ነው። የግራ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ጌይኑን ሲያረግብ ፌዙንም ያነሳው ነበር። ስቴፑ ላይ ደግሞ ውጤቱ ወደ ላይ ከመነሳቱ በፊት ለቅጽበት ወደ ታች ጠለቅ ይላል።

ምክንያቱ

Cc ሲግናልን በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። እኛ የምንፈልገው ከውጤቱ ወደ ኋላ የሚመጣውን ነው። ከመጀመሪያው ደረጃ የወጣው ሲግናል ግን በሁለተኛው ትራንዚስተር ተገልብጦ ከመሄዱ ሌላ፣ ሳይገለበጥ በCc በኩል አቋርጦ ወደ ውጤቱ ይደርሳል። ሁለቱ ተጣፍተው የሚቀሩበት ነጥብ ዜሮው ነው፦

```
z = gm2 / Cc
GBW = gm1 / Cc
p2 ≈ gm2 / CL
```

gm1 እና gm2 የመጀመሪያውና የሁለተኛው ደረጃ ትራንስኮንዳክታንስ፣ CL የጭነቱ ካፓሲታንስ፣ GBW የጌይን-ባንድዊድዝ ብዜት፣ p2 ሁለተኛው ፖል ናቸው። z፣ GBW እና p2 ሦስቱም በራዲያን በሰከንድ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ Cc ሲያድግ እኩል ይወርዳሉ፤ ጥምርታቸው ምንጊዜም gm2/gm1 ነው። ስለዚህ ዜሮው የሚበላው ፌዝ በCc አይቀንስም። በባይፖላር ኦፕ-አምፕ gm2 በቀላሉ ትልቅ ስለሚሆን ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ በሞስ ግን gm2 ከgm1 ብዙ አይርቅም።

በቁጥር እንየው። gm1 0.25 ሚሊሲመንስ፣ gm2 0.5 ሚሊሲመንስ፣ Cc 4 ፒኮፋራድ፣ ጭነቱ CL 5 ፒኮፋራድ ይሁን። GBW 10፣ ዜሮው 20፣ ሁለተኛው ፖል 16 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይወድቃሉ። በ10 ሜጋኸርዝ ፖሉ 32 ዲግሪ፣ ዜሮው 27 ዲግሪ ይወስዳሉ፤ የሚተርፈው 31 ነው። Cc 8 ፒኮፋራድ ሲሆን የፖሉ ድርሻ ወደ 17 ይወርዳል፣ የዜሮው ግን 27 ላይ እንዳለ ነው። Cc የፈለገውን ያህል ቢያድግ ከ63 ዲግሪ ማለፍ አይቻልም።

ማረጋገጫ

ሬዚስተር ከመፈለግዎ በፊት ወደፊት የሚያልፈውን መንገድ ብቻ ይዝጉት። በስፓይስ፣ ከውጤቱ እስከ Cc ድረስ ጌይኑ 1 የሆነ አይዲያል ባፈር ያስገቡ፤ n1 የመጀመሪያው ደረጃ ውጤት ነው፦

```
E1 x 0 out 0 1
Cc x n1 4p
```

ማርጅኑ ከ20 ዲግሪ በላይ ከዘለለ ዜሮው ነው። ካልተነቃነቀ ግን ችግሩ ሁለተኛው ፖል ነው፤ ያኔ gm2ን ማሳደግ ወይም ጭነቱን መቀነስ እንጂ ዜሮውን ማጥፋት አይረዳም።

መፍትሄው

ከCc ጋር በተከታታይ ሬዚስተር Rz ያስገቡ። ዜሮው ይዛወራል፦

```
z = 1 / (Cc·(1/gm2 − Rz))
```

በእኛ ምሳሌ 1/gm2 ማለት 2 ኪሎኦም ነው። Rz ልክ 2 ሲሆን ዜሮው ይጠፋል፤ ማርጅኑ 58 ይደርሳል። እኔ ግን እዚያ ላይ አላቆምም። የቺፕ ሬዚስተር 20 ከመቶ ቢወዛወዝ አይገርምም፤ ወደ ታች ሲወርድ ዜሮው በቀኝ በኩል ይመለሳል። 3 ኪሎኦም ብንመርጥ ዜሮው በግራ 40 ሜጋኸርዝ ላይ ያርፋል፣ 14 ዲግሪ ይመልሳል፣ ማርጅኑም 72 ይሆናል። ሬዚስተሩ 20 ከመቶ ቢቀንስ እንኳ 2.4 ነው፤ አሁንም በግራ ነን።

ዜሮውን ልክ ፖሉ ላይ ለማሳረፍ Rz = (1 + CL/Cc)/gm2 መሆን አለበት፤ እዚህ 4.5 ኪሎኦም። በወረቀት ላይ ያምራል። ጭነቱ ከተለወጠ ግን ፖሉና ዜሮው ይለያያሉ። ጥንዱ ከGBW በታች ወይም አጠገቡ ከወደቀ ስቴፑ ቶሎ ይነሳና መጨረሻዋን ትንሽ ልዩነት እየተጎተተ ይጨርሳል። ቦድ ፕሎት ላይ ማርጅኑ ጥሩ ስለሚመስል ይህን የሚያሳየው የስቴፑን ጭራ አጉልቶ ማየት ብቻ ነው። ጭነቱ የማይታወቅ ከሆነ ማጣፋቱን ይተዉት።

Rzን በሊኒየር ክልል በሚሠራ ሞስ መተካትም የተለመደ ነው። ኦቨርድራይቩ ከሁለተኛው ደረጃ ትራንዚስተር ጋር እኩል እንዲሆን ባያስ ከተደረገ የRz እና የgm2 ብዜት የሁለቱ የW/L ጥምርታ ብቻ ይሆናል፤ ሙቀትና ፕሮሰስ አብረው ያነቃንቋቸዋል። ይህ ሞስ በመጀመሪያው ደረጃ ውጤት በኩል ይቀመጥ፤ ያ ኖድ ብዙ አይወዛወዝም። በኦፕ-አምፑ ውጤት በኩል ከተቀመጠ ግን ውጤቱ በሰፊው ሲወዛወዝ ሬዚስታንሱም አብሮ ይለዋወጣል።