በዕጣ የሚታደል የመኖሪያ ቦታ፦ ባለዕጣው መረከብ ሲያቅተው የሚፈጸሙ ስህተቶች

የመኖሪያ ቦታ ዕጣ በአደባባይ ሲወጣ የሕዝቡ ዓይን የሚያርፈው በሳጥኑና እጁን ወደ ሳጥኑ በሚያስገባው ሕፃን ላይ ነው። አድልዎ ግን በአብዛኛው የሚገባው ከዚያ ቀን በፊት በስም ዝርዝሩና በሽንሻኖው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ ባለዕጣዎቹ ሳይረከቧቸው በቀሩ ቦታዎች በኩል ነው። ነገሩ በቁጥር እንዲታይ በአንድ የወሎ ከተማ 40 ቦታዎች ተሸንሽነው 62 ብቁ አመልካቾች ቀርበዋል ብለን እንነሣ።

የመጀመሪያው ስህተት ዝርዝሩን ሳይዘጉ ዕጣ ማውጣት ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የወጣው ዕጣ ከቀናት በኋላ የተሰረዘው፣ መመዘኛውን የማያሟሉ ሰዎች በዕጣው መረጃ ውስጥ መግባታቸው በመታወቁ ነበር። በትንሽ ከተማም መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ዝርዝሩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለምሳሌ ለ15 ቀናት ይለጠፋል፣ ቅሬታዎች በጽሑፍ ይወሰናሉ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ገጽ ተፈርሞበት ይዘጋል። በዕጣው ዕለት ታዛቢዎቹ፣ በወሎ ልማድ ሸኹም ቄሱም ባሉበት፣ ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ሳጥን ከመግባታቸው በፊት ቆጥረው 62 መሆናቸውን በቃለ ጉባኤ ያሰፍራሉ።

ሁለተኛው ስህተት ሽንሻኖውን ከወረቀት ላይ ብቻ ማመን ነው። ደሴ ተዳፋት የበዛባትና መሬት መንሸራተት የሚያሠጋት ከተማ ናት፤ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ቦርከና ሜዳ ሲወረድ ደግሞ በበጋ ተሰንጥቆ በክረምት የሚያብጥ ጥቁር አፈር አለ። በፕላኑ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚታየው ቦታ በመሬት ላይ ግማሹ ጎርፍ የቆረሰው ቦይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀያሹ ችካሉን ከተከለ በኋላ ቦታዎቹ አንድ በአንድ በእግር ሊታዩ ይገባል፤ ከተቻለም ይህ ከክረምት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የነባር ባለይዞታው ካሳ ያልተከፈለበት ቦታ ከናካቴው ወደ ሳጥን መግባት የለበትም፤ ባለዕጣው ካርታ ይዞ ሲሄድ የሚጠብቀው የቆመ ማሽላ ይሆናልና።

ሦስተኛው ስህተት ቦታው ሲያልቅ ዕጣውንም ማቆም ነው። 40 ስም ወጥቶ ሳጥኑ ከተዘጋ የቀሩት 22 ሰዎች ተራ የላቸውም፤ ቆይቶ አንድ ቦታ ሲለቀቅ ማን ይውሰድ የሚለውን የሚወስነው የቢሮ ኃላፊው ይሆናል። የሚሻለው ሁለት ሳጥን ማዘጋጀት ነው። ከአንደኛው የ62ቱም ሰዎች ስም እስከ መጨረሻው ወጥቶ ከ1 እስከ 62 ተራ ይያዝለታል፤ ከሁለተኛው ደግሞ በተራ ቁጥር 1 እስከ 38 ላሉት የቦታ ቁጥር ይወጣል። በሳጥኑ የቀሩት ሁለት ቦታዎች መጠባበቂያ ይሆናሉ። መጠባበቂያዎቹን ዕጣው ራሱ ማስቀረቱ ግድ ነው፤ አስቀድሞ የሚመርጣቸው ኃላፊ ከሆነ ከዋናው መንገድ ዳር ያሉት ማዕዘን ቦታዎች መጠባበቂያ ሆነው ሲገኙ ማንም አይደነቅም።

ከሁሉ የከፋው አራተኛው ስህተት ነው፤ ይኸውም ቦታውን ያልተረከበን ሰው ሁሉ «መብቱን ትቷል» ብሎ በአንድ መዝገብ መጻፍ ነው። በምሳሌያችን አምስት ባለዕጣዎች አልተረከቡም እንበል።

ተራ ቁጥር 7 የሆነችው እናት የደረሳት ቦታ 23 በጎርፍ ተቆርሶ ተገኘ። እዚህ ላይ ጉድለቱ የሰጪው እንጂ የእርሷ አይደለም። ስለዚህ ወደ ተጠባባቂዎች ዝርዝር ሳትወርድ ከሁለቱ መጠባበቂያ ቦታዎች አንዱን በዕጣ ታነሣለች፤ ቦታ 23ም ለሌላ ሰው ሳይተላለፍ ከዕደላው ይወጣል።

ተራ ቁጥር 15 ሳዑዲ ዓረቢያ በሥራ ላይ ናት፤ ከወሎ ስንቱ ዓረብ አገር እንዳለ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከኤምባሲ ውክልና አስልካ በአገር ውስጥ እስኪረጋገጥ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የመረከቢያው ጊዜ፣ 60 ቀን እንበለው፣ ከዕጣው በፊት ለሁሉም እኩል ተወስኖ፣ ማስረጃ ላቀረበ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚራዘም በደንቡ መጻፍ አለበት።

ተራ ቁጥር 21 ዕጣው ከወጣ በኋላ ሞተ። ሚስትየው ከመጀመሪያው በማመልከቻው ላይ ከባሏ ጋር ተመዝግባ ቢሆን ኖሮ ምንም ክርክር አይነሣም ነበር፤ የባልና የሚስትን ስም አብሮ መመዝገብ ከሌላው ጥንቃቄ ሁሉ በላይ ጣጣ ይቀንሳል። አለዚያ ወራሾቹ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪያመጡ ቦታው ይጠበቃል። ይህን የሚፈቅድ አንቀጽ ግን ሰው ከሞተ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል።

ተራ ቁጥር 30 ገንዘብ አጠረው። መልቀቁን በፊርማው አረጋግጦ በዝግ ሂሳብ ያስቀመጠውን ገንዘብ ይወስዳል። «በእኔ ፈንታ እገሌ ይግባ» እንዲል ከተፈቀደለት ግን ያ ሽያጭ ነው፤ እኔ በታዘብኩት አንድ ዕደላ ላይ እንዲህ የገባው «ዘመድ» የባለዕጣውን የአባት ስም እንኳ አያውቅም ነበር። ሁለት ባለዕጣዎች ካርታ ሳይወጣ ቦታቸውን በጽሑፍ ቢለዋወጡ ጉዳት የለውም፤ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ሰው አይገባምና።

ተራ ቁጥር 34 ቀድሞ ቤት እንዳለው ተደረሰበት። ይህ ስረዛ ስለሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ደርሶት ይግባኙ ከተወሰነ በኋላ ቦታው ይለቀቃል። ይግባኙ ሳይወሰን ቦታውን ለሌላ መስጠት አንድ ቦታ ለሁለት ባለመብት መስጠት ነው።

እንግዲህ የተለቀቁት የ30ኛውና የ34ኛው ቦታዎች ናቸው። አምስተኛው ስህተት እነዚህን በተለቀቁ ቁጥር አንድ በአንድ በቢሮ ማደል ነው። ተራው ሳይዛባ እንኳ የትኛው ቦታ ከየትኛው ተጠባባቂ ጋር እንዲገናኝ ቀኑን በማፋጠንና በማዘግየት ማስተካከል ይቻላል። መረከቢያው ጊዜ ካበቃና ይግባኙ ከተዘጋ በኋላ ሁለቱ ቦታዎች በአንድ ቀን፣ በታዛቢዎች ፊት፣ ለ39ኛውና ለ40ኛው ሰው በዕጣ ይወጣሉ። ሁሉም ባለዕጣ ተረክቦ ሲያበቃ የቀረችው አንዲት መጠባበቂያ ቦታ ለ41ኛው ትሰጣለች። ሒሳቡም ይገጥማል፤ 39 ቦታ ሰው ይዞታል፣ አንዱ በጎርፍ ወጥቷል። ሁሉንም ዕጣ እንደ አዲስ ማውጣት ግን ጥፋት የሌለባቸውን ባለዕጣዎች ቦታ መንጠቅ ነው።

ተጠባባቂውን በስልክ ደውሎ «አልተገኘም» ብሎ ማለፍም ሌላ በር ይከፍታል። ጥሪው በሰሌዳ ሊለጠፍ፣ ስልክ የተደወለበት ቀንና ሰዓት ሊመዘገብ፣ የመጣውም ሰው መቀበሉን ወይም አለመፈለጉን ሊፈርም ይገባል። የተጠባባቂነቱ ዘመንም ከዕጣው በፊት ይወሰናል፤ ለምሳሌ የዚህ ዙር ቦታ ተረክቦ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ ተብሎ። ይህ ካልተጻፈ 44ኛ የነበረው ሰው ከዓመታት በኋላ ቢጫ የሆነ ወረቀቱን ይዞ ለአዲስ ሽንሻኖ ይመጣል፤ አትችልም የሚለው ደንብም አይገኝም።