ሞተረኛ ወይስ ድርጅት? ዴሊቨሪ ስናወዳድር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ጫማ፣ ልብስ፣ መዋቢያ ወይም ኬክ የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ለገዢ የሚያደርስባቸው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ስልኩን መዝግቦ ሲፈልገው የሚጠራው የግል ሞተረኛ ነው። ሁለተኛው በመተግበሪያ ሲታዘዝ ቅርብ ያለውን አድራሽ የሚልክ አገልግሎት ነው። ሦስተኛው ጠዋት ከየሻጩ ዕቃ ሰብስቦ፣ በየአቅጣጫው ለይቶ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ሦስቱም ዴሊቨሪ ይባላሉ፤ የሚሸጡት አገልግሎት ግን አንድ አይደለም። ብዙ ሻጭ ሲያወዳድራቸው የሚሳሳተውም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

የተነገረውን ዋጋ ብቻ ማወዳደር

"ከገርጂ አያት ስንት ታደርሳለህ?" ብሎ ጠይቆ ርካሹን መምረጥ የተለመደ ነው። የሚነገረው ዋጋ ግን ትክክል የሚሆነው ዕቃው ደርሶ ገንዘቡ ሲከፈል ብቻ ነው። ተቀባዩ ስልኩን ካጠፋ፣ "ዛሬ ቤት የለሁም፣ ነገ አምጣልኝ" ካለ ወይም አይቶ ሐሳቡን ከቀየረ ዕቃው ይመለሳል። የመመለሻውን ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ግን አስቀድሞ እምብዛም አይነሣም።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ በቦታቸው የራስዎን ማስገባት ይችላሉ። አንዲት ጫማ ሻጭ በሳምንት 20 ትእዛዝ ትልካለች እንበል። ሞተረኛው ለአንድ ጉዞ 200 ብር ይጠይቃል፤ ለመመለሻም ነዳጅ ስለሚያቃጥል ያንኑ 200 ብር ያስከፍላል። ድርጅቱ 250 ብር ይጠይቃል፤ ዕቃው ከተመለሰ ግን የዋጋውን ግማሽ፣ 125 ብር፣ ይጨምራል። ሞተረኛው ዕቃውን ተረክቦ በቀጥታ ይነሣል፤ ከ20ው 4ቱ ይመለሱበታል። ድርጅቱ ከመውጣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ተቀባይ ይደውላል፤ የሚመለሱበት 2 ብቻ ናቸው።

የሞተረኛው ጠቅላላ ሒሳብ 4,800 ብር ሆነ፤ የደረሰው 16 ዕቃ ስለሆነ አንዱ ጫማ በ300 ብር ደረሰ ማለት ነው። የድርጅቱ 5,250 ብር ሆነ፤ 18 ዕቃ ስለደረሰ አንዱ ወደ 292 ብር ይወጣለታል። በ50 ብር ርካሽ የነበረው ሞተረኛ በመጨረሻ ውድ ሆኖ ተገኘ። የማድረሻውን የሚከፍለው ገዢው ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። ዕቃውን ያልተቀበለ ሰው የማድረሻም አይከፍልምና ሻጯ ከኪሷ የምታወጣው በሞተረኛው በኩል 1,600 ብር፣ በድርጅቱ በኩል 750 ብር ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ። ያው ሞተረኛ ከመነሣቱ በፊት ሻጯ ራሷ ለተቀባዮቹ ብትደውልና የሚመለሰው ዕቃ ወደ 2 ቢወርድ፣ ጠቅላላ ወጪው 4,400 ብር፣ የአንዱ ዕቃ ማድረሻም ወደ 244 ብር ይሆናል። አሁን እሱ በግልጽ ርካሽ ነው። ውጤቱን የቀየረው የዋጋው ዝርዝር ሳይሆን አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ከማወዳደር በፊት "ከመነሣታችሁ በፊት ለተቀባዩ ማን ይደውላል?" እና "ዕቃው ቢመለስ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

የሰፈሩ ርቀትም መልሱን ይቀይረዋል። ሞተረኛ አብዛኛውን ጊዜ በርቀት ይደራደራል፤ ዕቃ ሰብስቦ የሚያከፋፍል ድርጅት ደግሞ ከተማውን በጥቂት ክልል ከፍሎ ወጥ ዋጋ ያወጣል። ከገርጂ ቦሌ ወይም መገናኛ የሚሄድ ዕቃ ለሞተረኛ ይመቻል፤ ጀሞ ወይም ቱሉ ዲምቱ የሚሄደው ግን ከሌሎች ዕቃዎች ጋር አብሮ ቢጓዝ ይሻላል። ሁሉንም ለአንዱ መስጠት አለብኝ ብሎ ማሰብ በራሱ ገንዘብ ያስወጣል።

ፍጥነትን ከመንገዱ ላይ መለካት

ሞተረኛው "በ30 ደቂቃ አደርሳለሁ" ሲል ብዙ ጊዜ እየተናገረ ያለው ስለ መንገዱ ብቻ ነው። ገዢው ግን ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡን ከላከበት ወይም "እሺ፣ ላኩልኝ" ካለበት ደቂቃ ነው። በሁለቱ መካከል ሞተረኛው ያለበትን ሥራ ጨርሶ እስኪመጣ፣ ዕቃው እስኪታሸግ፣ በመጨረሻም የተቀባዩ በር እስኪገኝ ያለው ጊዜ አለ። መንገዱ 30 ደቂቃ የፈጀ ዕቃ ገዢው እጅ ሲገባ ሁለት ሰዓት ሞልቶት ቢገኝ ሞተረኛው አልዋሸም፤ የሻጩ መለኪያ ነው የተሳሳተው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ገዢው ያዘዘበትን ሰዓት፣ አድራሹ ዕቃውን የተረከበበትን ሰዓትና ተቀባዩ እጅ የገባበትን ሰዓት በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ ነው። የቴሌግራም መልእክቶችና የስልክ ጥሪ መዝገብ ሰዓቱን ራሳቸው ስለሚይዙ ማታ ላይ መገልበጥ ይቻላል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መዘግየቱ የሚፈጠረው አድራሹ እስኪመጣ፣ መንገድ ላይ ወይስ ሰፈር ከተደረሰ በኋላ እንደሆነ ይታወቃል። አማካዩን ብቻ ሳይሆን እጅግ የዘገየውንም ይመልከቱ። የልደት ኬክ የሚልክ ሰው የሚጎዳው በአማካዩ አይደለም፤ ልደቱ ካለፈ በኋላ በደረሰው በአንዱ ኬክ ነው።

ሁለት አገልግሎቶችን በተለያየ ሰዓት ሞክሮ መፍረድም ልክ አይደለም። ማክሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የሄደና ዓርብ ማታ 11 ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሄደ ዕቃ አይወዳደሩም። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሞተር የያዘ ሰው የትኛውም ድርጅት ቢሆን ከጥላ ሥር ይቆማል። ሙከራው በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ወደ ተመሳሳይ አቅጣጫ ይሁን።

ፈጣኑ ሁልጊዜ ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። ኬክና የተዘጋጀ ምግብ በቀጥታ መሄድ አለበት። ጫማ ግን "ዛሬ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርስዎታል" ተብሎ በተባለው ሰዓት ከደረሰ ገዢው ቅር አይለውም። ቅር የሚያሰኘው መጠበቁ ሳይሆን መቼ እንደሚመጣ አለማወቁ ነው።

የአድራሻን ጥፋት በአድራሹ ላይ መጫን

በከተማችን አብዛኛው ሰው ቤቱን የሚያስረዳው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው። "ከማደያው አለፍ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጎን" የሚል መልእክት ለሰፈሩ ልጅ በቂ ነው፤ ከሌላ አቅጣጫ ለሚመጣ ሞተረኛ ግን የሃያ ደቂቃ ፍለጋ ነው። ሻጩም "ይሄ ድርጅት ቀርፋፋ ነው" ብሎ ይመዘግባል።

በቴሌግራም የሚላከው ሎኬሽንም ቢሆን ያሳስታል። ገዢው ቢሮው ተቀምጦ "ያለሁበትን ላክ" የሚለውን ከነካ ሞተረኛው የሚሄደው ቢሮ ነው፤ ዕቃውን የሚጠብቁት ግን ቤት ያሉ እናት ናቸው። ስለዚህ ምልክቱን በካርታው ላይ አንቀሳቅሶ ዕቃው በሚደርስበት በር ላይ እንዲያስቀምጥ ይጠይቁት። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅና የቤት ቁጥር፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ ያለው ሰው ስልክ ይጨመር። ለሁለቱም አድራሾች የሚሰጠው መረጃ እኩል ካልሆነ ውድድሩ ፍትሐዊ አይሆንም።

ካርታ ካለ ክትትል አለ ብሎ ማመን

በስክሪን ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ሞተር ማየት ልብን ያሳርፋል። የምታሳየው ግን የአድራሹ ስልክ ወይም ሞተሩ ያለበትን ቦታ እንጂ ዕቃውን አይደለም። የስልኩ ባትሪ ካለቀ ወይም ኢንተርኔት ከተቋረጠ ምስሉ ባለበት ይቆማል። አድራሹ የአምስት ሰው ዕቃ ይዞ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላ ሰፈር ሲታጠፍ አይቶ ገዢው በከንቱ ይጨነቃል።

ከካርታው ይልቅ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። አንደኛ፣ ዕቃው ሲወሰድ፣ ሲነሣና ሲደርስ መልእክት የሚደርሰው ለማን ነው? ለሻጩ ብቻ ከሆነ ገዢው አሁንም እየደወለ የሚጠይቀው ሻጩን ነው። ሁለተኛ፣ አድራሹ ስልክ ባያነሣ የሚመልስ ሌላ ሰው አለ? ሦስተኛ፣ "ደርሷል" የሚባለው በምን ማረጋገጫ ነው? አድራሹ ራሱ ቁልፍ ተጭኖ "ደርሷል" የሚያሰኝ ከሆነ በር ላይ ሳይደርስም ሊጫነው ይችላል። ለተቀባዩ በአጭር መልእክት የሚላክና ዕቃውን ሲረከብ ብቻ ለአድራሹ የሚነግረው ቁጥር ካለ ግን ክርክር አይነሣም። የግል ሞተረኛም መተግበሪያ ሳይኖረው ይህን ሊያሟላ ይችላል፤ ዕቃውን ሲረከብና ሲያስረክብ ፎቶ አንሥቶ የተቀባዩን ስም ጨምሮ በቴሌግራም ከላከ፣ ካርታ ብቻ ካለው አገልግሎት የተሻለ ክትትል ነው።

የዕቃውን ገንዘብ ከውድድሩ ማውጣት

ገዢው ሲረከብ የሚከፍል ከሆነ አድራሹ ገንዘብ ተቀባይም ነው። ትልቁ አደጋ ያለው በር ላይ በሚታየው የባንክ ወይም የቴሌብር ማረጋገጫ ፎቶ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ተቀናብሮ ሊሠራ ይችላል። ደንቡ አንድ ይሁን፦ ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ መግባቱን ራሴ አይቼ "ስጠው" እስክል ድረስ ዕቃው አይሰጥም። ይህ ደግሞ ስልክ ወዲያው ማንሣትን የእርስዎ ግዴታ ያደርገዋል፤ ሞተረኛውን በር ላይ ማቆም እርስዎ የፈጠሩት መዘግየት ነውና።

ድርጅቱ ገንዘቡን ሰብስቦ በኋላ የሚያስረክብ ከሆነ በስንት ቀን እንደሚያስገባ ይጠየቅ። በቀን የ1,500 ብር ዕቃ አራት ጊዜ የሚልክ ሰው በቀን 6,000 ብር ድርጅቱ ጋር ያስቀምጣል፤ ክፍያው በአምስት ቀን የሚፈጸም ከሆነ 30,000 ብር ሁልጊዜ ከእጁ ውጭ ነው። በዚያ ገንዘብ አዲስ ዕቃ ለሚያመጣ ትንሽ ነጋዴ፣ ይህ በማድረሻ ዋጋ ላይ ካለ የ20 ብር ልዩነት ይከብዳል።

ፈቃድና ኃላፊነትን ሳይጠይቁ መጀመር

የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ሲከለክል መንገድ ላይ የቀሩት ፈቃድ ያላቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህም የሞተር ሥራ በቁጥጥር ሥር ነው። ፈቃድ የሌለው ሞተር ሲያዝ የእርስዎም ዕቃ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ሰሌዳውን፣ የመንጃ ፈቃዱንና የድርጅቱን ፈቃድ አይቶ ፎቶ መያዝ ይገባል።

ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢሰበር እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚከፈልም በጽሑፍ ይስማሙ። አንዳንዱ ድርጅት የሚተካው በዕቃው ዋጋ ሳይሆን ራሱ በወሰነው ጣሪያ ልክ ነው፤ ጣሪያው 2,000 ብር ከሆነ የ9,000 ብር ስልክ በዚያ መንገድ አይላክም። ከግል ሞተረኛ ጋርም ቢሆን ዕቃው ምን እንደሆነ፣ ዋጋውና የተረከበበት ሰዓት የተጻፈበት አንድ የቴሌግራም መልእክት፣ ከሥሩም የእሱ "ተረክቤያለሁ" የሚል መልስ ይኑር።