በኢሜይል የተላከ የቅጥር ማጣሪያ መጠይቅ ግልጽ ያልሆነ ጥያቄ ሲይዝ እንዴት ይመለሳል?

አንዳንድ የማጣሪያ ጥያቄ «አዎ» ቢሉት ውሸት ይሆናል፣ «አይ» ቢሉት ደግሞ ያለዎትን ልምድ ይቀብራል። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር የምትኖር የዓሣ ሀብት ምሩቅ ዘመዴ እንዲህ ያለ መጠይቅ ደርሷት አብረን ተቀምጠን ሠራነው። ሥራው በጣና ዳርቻ እየተዘዋወሩ ዓሣ አስጋሪዎች ያወጡትን ቀረሶና አምባዛ መዝኖ መመዝገብ ነበር። ከሰባቱ ጥያቄዎች አራቱ ቀላል ነበሩ። አካሄዱን የማሳያችሁ ባስቸገሩን በሦስቱ ነው።

መልስ ከመጀመርዎ በፊት መጠይቁን እስከ መጨረሻው ያንብቡና በየጥያቄው «ከዚህ መልስ ምን ሊወስኑ ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። የማስረከቢያውንም ሰዓት ያረጋግጡ። ለእሷ የተጻፈላት Friday, 5:00 PM ነበር፤ ይህ በእኛ አቆጣጠር ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። 5:00 ብቻ ተጽፎ ከሆነ ግን ጠዋት 5 ሰዓት ይሁን ከቀኑ 11 ሰዓት አይታወቅምና ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት መላክ ይሻላል።

ቀጥሎ ያልገባዎትን ሁሉ ሰብስበው በአንድ ኢሜይል ይጠይቁ፤ በየሰዓቱ አንድ አንድ ጥያቄ መላክ አንባቢውን ያደክማል። እኛን ያስቸገረን «ወደ መስክ ለመውጣት ፈቃደኛ ነዎት?» የሚለው ነበር። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው ወይስ እዚያው ማደር? ትንሽ ልጅ ስላላት ልዩነቱ ትልቅ ነው። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጥያቄ 4ን በትክክል ለመመለስ ሁለት ነገር ብታብራሩልኝ፦ መስኩ በወር በግምት ስንት ቀን ነው? ማደርንስ ይጨምራል? ምላሻችሁ ባይደርሰኝም መጠይቁን በተባለው ቀን አስረክባለሁ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጊዜ ለማራዘም የምትጠይቅ እንዳልሆነች ትነግራቸዋለች።

እስከ ሐሙስ ማታ መልስ አልመጣም። ስለዚህ ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳችው ገልጻ መለሰች፦ «አዎ። ጥያቄውን የተረዳሁት ማደርን እንደሚጨምር አድርጌ ነው፤ በወር እስከ 10 ቀን መቆየት እችላለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ አስቀድሞ መነጋገር እፈልጋለሁ።»

የከበደን ግን «ቢያንስ 3 ዓመት የሥራ ልምድ አለዎት? አዎ ወይም አይ» የሚለው ነው። በቅጥር የሠራችው ከመስከረም 2013 እስከ ሰኔ 2015 ነው፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ወር ጨምሮ 2 ዓመት ከ10 ወር ይሆናል። ተማሪ ሳለች ደግሞ 4 ወር የተግባር ልምምድ አድርጋለች። ዘመዴ «አዎ» ልትል ነበር። እኔ ተቃወምኩ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዋ ሲመጣ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ያኔ የሚጠረጠረው ልምዷ ብቻ አይሆንም። የጻፈችው ይህን ነው፦ «በቅጥር ብቻ ከሆነ አይ፤ 2 ዓመት ከ10 ወር ነው። የ4 ወር የተግባር ልምምዴ ከተቆጠረ 3 ዓመት ከ2 ወር ይሆናል። ሁለቱም ዓሣ መመዘንና መመዝገብ ነበሩ።» ቀጥተኛው መልስ መጀመሪያ፣ ማብራሪያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓረፍተ ነገር። ከዚያ የሚረዝም ካለ በአባሪ ይላክ፣ በመልሱም ላይ «ዝርዝሩ በአባሪው» ተብሎ ይጠቀስ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበት ነገር አለ። መጠይቁ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ መስከረም 2013 መጻፍ ያለበት 09/2020፣ ሰኔ 2015 ደግሞ 06/2023 ተብሎ ነው። ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ ቢያስቀምጡት አንባቢው ሥራ የለቀቁት ከብዙ ዓመት በፊት ነው ብሎ ያስባል። ከቀኑ አጠገብ አቆጣጠሩን መጻፍ ይህን ይፈታዋል።

ሦስተኛው የደመወዝ ጥያቄ ነበር። ቁጥሩ ጥቅል ይሁን የተጣራ ካልተገለጸ፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ያለውን ጥቅል ደመወዝ ጽፈው «ጥቅል» የሚለውን ቃል ከጎኑ ያስቀምጡ።

ሲልኩ አዲስ ኢሜይል አይክፈቱ። በመጣልዎ ላይ Reply ብለው ርዕሱን ሳይነኩ፣ የእያንዳንዱን ጥያቄ ቁጥርና ጽሑፍ ሳያጠፉ መልሱን ከሥሩ ይጻፉ። ማብራሪያው ከላኩ በኋላ ከመጣና መልስዎን ከቀየረው፣ ሙሉውን መጠይቅ ደግመው አይላኩ። ዘመዴ ሰኞ ዕለት መስኩ በወር 12 ቀን እንደሆነ ሲነገራት፣ በዚያው የኢሜይል ምልልስ «የጥያቄ 4 መልሴ ተስተካክሏል፦ አዎ፣ 12 ቀን እችላለሁ» ብላ አንድ መስመር ብቻ ላከች።