የአመልካች ሲቪ ላይ ነጥብ ስንሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ የቃል ክምር፣ የተሰወረ ጽሑፍ እና የተጋነነ ልምድ

ጅማ ውስጥ የቡና ላኪዎች፣ መጋዘኖችና ማጠቢያ ጣቢያዎች የጥራት ተቆጣጣሪ ሲፈልጉ ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። እሸት ቡና መረከብ፣ እርጥበት መለካት፣ የጥሬ ቡና ደረጃ ማውጣት፣ ቅምሻ፣ በኤክሴል መዝገብ መያዝ። አምስቱም በእጅ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ሲቪው ግን ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ የማስታወቂያውን ቃላት መልሶ ማስተጋባት አይከብደውም። ነጥብ የሚሰጥ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ቃል መቁጠር

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሲቪዎቹ ሲበዙ የማስታወቂያውን ቃላት በኮምፒውተር እየፈለጉ ብዙ ለተገኙለት ሰው ብዙ ነጥብ መስጠት ያጓጓል። ሁለት አመልካቾችን እናስብ።

የመጀመሪያው ሲቪ ሦስት ገጽ ነው። «ቅምሻ» የሚለው ቃል 11 ጊዜ ተጽፏል፦ በመግቢያው፣ በክህሎት ዝርዝሩ፣ በሥልጠናው፣ በፍላጎቱም ጭምር። የት እንደቀመሰ ግን የለም። የክህሎት ዝርዝሩ የማስታወቂያውን አምስት መስፈርቶች በዚያው ቅደም ተከተል ደግሟቸዋል።

ሁለተኛዋ ግማሽ ገጽ ነው የጻፈችው። በጎማ ወረዳ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ለሁለት የመኸር ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ እሸት ቡና ተረክባለች። አረንጓዴውንና የተበላሸውን ፍሬ አስለቅማ የዕለት መዝገብ ይዛለች። ቡናው ከማድረቂያ አልጋው ከመውረዱ በፊት ውኃው ምን ያህል እንደቀረ በመለኪያ አይታለች። «እርጥበት» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አልጻፈችም።

ቃል የሚቆጥር መዛኝ የመጀመሪያውን አንደኛ አድርጎ ሁለተኛዋን ይጥላታል። መድኃኒቱ መስፈርቱን በማስረጃ መመዘን ነው። ለእያንዳንዱ መስፈርት ቃሉ ብቻ ከሆነ 0፣ የትና መቼ እንደሠራው ከተጻፈ 1፣ ያን የሚደግፍ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ወይም የምስክር ወረቀት ከተያያዘ 2 ይስጡ። ቃሉ አንድ ጊዜም ተጻፈ 11 ጊዜ ልዩነት የለውም። የመጀመሪያው አንድ መጋዘን ውስጥ መዝገብ እንደያዘ ደብዳቤ አያይዟል፤ ከ10 የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ለመረከብ፣ ለእርጥበትና ለመዝገብ የጣቢያውን ደብዳቤ አያይዛለች፤ 6 ታገኛለች። በቅምሻና በጥሬ ደረጃ 0 ነች፤ ያ ደግሞ ትክክል ነው፣ አልሠራችማ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው ሲቪውን የሚያስጽፈው ኮምፒውተር ቤት ነው። ጸሐፊው ካለፈው ደንበኛ ፋይል ላይ የክህሎት ዝርዝሩን ገልብጦ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዝርዝር በአራት ሲቪ ላይ ቢያዩ አራቱም ተመካክረው አታለሉ ብለው አይደምድሙ። ዝርዝሩን ነጥብ አይስጡት፣ ያ ይበቃል።

ሰነዱን በዓይን ብቻ ማየት

በነጭ ወረቀት ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ለዓይን አይታይም፤ ቃል ለሚፈልግ ፕሮግራም ግን ይታያል። በጣም ባነሰ ፊደል መጻፍ፣ ከፎቶ ሥር መደበቅ፣ ወይም በዎርድ ውስጥ ፊደሉን «ስውር» ማድረግም ያው ነው። አንዳንዱ የተሰወረ ጽሑፍ የማስታወቂያው ሙሉ ቅጂ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ይህን አመልካች አስቀድም የሚል፣ ለማጣሪያ ፕሮግራሙ የተጻፈ ትዕዛዝ ነው።

ማጣራቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፋይሉ ፒዲኤፍ ከሆነ ከፍተው Ctrl+A ከዚያ Ctrl+C ይጫኑና ባዶ Notepad ላይ ይለጥፉት። Notepad ቀለምና የፊደል መጠን ስለማያውቅ ነጩም ጥቃቅኑም እኩል ይወጣል። ዎርድ ከሆነ አስቀድመው Ctrl+Shift+8 ይጫኑ፤ ስውር የተደረገ ጽሑፍ ከሥሩ በነጠብጣብ ተሰምሮ ብቅ ይላል። ከዚያ የተለጠፈውን ከሚታየው ገጽ ጋር ያስተያዩ። ገጹ ላይ የሌለ አንቀጽ ካለ አገኙት ማለት ነው።

የተሰወረ ሁሉ ማታለል ነው ብሎ መጣል

ይህኛው ስህተት ንጹሕ ሰው ይጎዳል። ሲቪውን አትሞ፣ ፈርሞ፣ በስልክ መተግበሪያ ስካን አድርጎ የላከ ሰው ፋይሉ ከምስሉ ሥር የማይታይ ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል። መተግበሪያው ራሱ ነው ያነበበውና ያስቀመጠው፤ ምስሉ እንዲፈለግ ለማስቻል። መለያው ቀላል ነው፦ የተሰወረው ጽሑፍ ገጹ ላይ የሚታየውን ከደገመ፣ ፊደል ቢሳሳትም፣ ችግር የለውም። ገጹ ላይ የሌለ ነገር ከጨመረ፣ በተለይ የማስታወቂያውን አገላለጽ ከደገመ፣ ያ ሆን ተብሎ የገባ ሳይሆን አይቀርም። ያኔም ቢሆን በሚታየው ብቻ እንደገና ነጥብ ይስጡ። ማን እንደጻፈለትም አመልካቹን ይጠይቁ፤ መልሱን ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ።

ትልቅ ወሬን በድምፁ መመዘን

የተጋነነ ልምድ ሁልጊዜ በኩራት አይጻፍም። ስለዚህ አጻጻፉን ትተው ሒሳቡንና ወቅቱን ይመርምሩ።

«በቀን 200 ናሙና ብቻዬን እቀምሳለሁ» የሚል ቢገጥምዎ አስሉት። በዓለም አቀፉ የቅምሻ አሠራር አንድ ናሙና በአምስት ስኒ ይቀርባል። 200 ናሙና 1,000 ስኒ ነው። በስምንት ሰዓት ሥራ ለአንድ ስኒ ግማሽ ደቂቃ አይደርስም፤ መቁላቱና መፍጨቱ ሳይቆጠር፣ ትኩስ እያለም ሲበርድም መቀመስ እንዳለበት ሳይታሰብ። ምናልባት ቡድኑ ነው 200 የቀመሰው። ሰውየውን ከመጣልዎ በፊት «ከነማን ጋር፣ የእርስዎ ድርሻ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

ወቅቱም ይናገራል። «ከመጋቢት እስከ ሰኔ በጅማ ዞን ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና ስረከብ ነበር» የሚል ሲቪ ጥያቄ ያስነሳል። በእነዚያ ወራት እዚህ ቀይ ፍሬ የሚለቀምበት ጊዜ አይደለም። የጣቢያው ሠራተኛ የነበረ ሰው ምናልባት ጥገና ወይም ክምችት ላይ ነበር ይሆናል፤ መረከብ ላይ ግን አልነበረም። ለዚያ መስፈርት 0 ይሰጣል።

የቀን መቁጠሪያውን መርሳት

ሲቪው «ከ2008 እስከ 2021» ይላል። 13 ዓመት ይመስላል። መነሻው በእኛ አቆጣጠር፣ መድረሻው በፈረንጅ ከሆነ ግን ልምዱ ወደ 6 ዓመት ነው። መስከረም 2008 በፈረንጅ 2015 ላይ ይውላልና። ይህን ስህተት አታላይም፣ ግራ የተጋባ ሰውም፣ ደብዳቤውን የተረጎመ ጸሐፊም ይሠራዋል። ማንም ይሁን፣ ዓመቱን ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ቀን ጋር አስተያይተው ሁሉንም ወደ አንድ አቆጣጠር ይመልሱ። ደብዳቤውን ለማረጋገጥ ሲደውሉም ሲቪው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ራስዎ ፈልገው ባገኙት የድርጅቱ ስልክ ይደውሉ።

በወረቀት ላይ ማቆም

ይህ አጭር ነው። ከ10 ከ5 በላይ ያገኙትን ጠርተው ናሙና ቡናና የእርጥበት መለኪያ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡላቸው። ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ፤ ከዚያ ቡናው መጋዘን ይግባ ወይስ ወደ አልጋ ይመለስ ብለው ይጠይቋቸው። በሥራው የኖረ ሰው 11.5 በመቶ ላይ ያለውን ወሰን ሳያቅማማ ይነግርዎታል፤ መለኪያው ለታጠበና ላልታጠበ ቡና ማስተካከያው ይለይ እንደሆነም ራሱ ይጠይቅዎታል።