በገዳም እንግዳ ሆነው ሲሰነብቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በገዳም የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ለዓመታት አገልግያለሁ። ለሦስትና ለአራት ቀን የሚመጡ ምእመናን የሚሠሩት ስህተት ከንቀት የሚመነጭበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስታቸው ለመርዳት ያላቸው ጉጉት ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ያልታዘዙትን ሥራ መሥራትን ነው፤ ደጋግሜ ስላየሁት ትዕግሥቴን የሚፈታተነኝም ይኸው ነው። እንግዳው ጠዋት አንድ ሥራ ይሰጠዋል፤ ከታሰበው ሰዓት ቀድሞ ይጨርሳል፤ ባዶ እጁን መቆም ስለሚያሳፍረው አጠገቡ ያገኘውን ይጀምራል። እኔም በመጀመሪያው ቆይታዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ጋር የጎመን መደብ እንዳርም ታዝዤ ቶሎ አለቀልኝ። ቀጥሎ ያለው መደብ ቀጭን ሣር የወረሰው መስሎ ስለታየኝ እርሱንም መንቀል ጀመርሁ። ሣር ያልሁት ግን ገና ብቅ ያለ ካሮት ነበር። የካሮት ዘር ለመብቀል ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎቹም ቀጭንና ረዣዥም ስለሆኑ ለማያውቅ ሰው ከሣር አይለዩም። አረጋዊው ዞር ብለው ሲያዩ ግማሹ መደብ ባዶ ሆኗል። ሰዓቱ የአርምሞ ስለነበረ ምንም አልተናገሩም። ከነቀልሁት ክምር አንዱን ቡቃያ አንሥተው በጣታቸው አሹትና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት፤ ካሮት ካሮት ይሸት ነበር። መደቡ እንደገና ተዘራ፤ የሳምንታት ድካምም ባከነ።

ስለዚህ ሥራ ሲሰጥዎ አርምሞው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሥራው ከየት ተነሥቶ የት ያበቃል? ሥራው ሲያበቃ መሣሪያው የት ይመለሳል? ቀድሜ ብጨርስ ምን ላድርግ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኙ፣ ሲጨርሱ መሣሪያውን አጽድተው ይመልሱና ተቀምጠው ይጠብቁ። መቀመጥዎን ማንም እንደ ስንፍና አይቆጥርብዎትም።

የዚህ ስህተት ሌላው ገጽታ ደወል ከተደወለ በኋላ «ይህችን ብቻ ልጨርስ» ማለት ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴ ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው የገዳም ሥርዓት 43ኛ ምዕራፍ ላይ የጸሎት ምልክት የተሰማ እንደሆነ መነኩሴው በእጁ የያዘውን ሁሉ ትቶ እንዲሄድ አዝዟል። በየገዳሙ ሥርዓቱ ቢለያይም፣ እንግዳው ሲዘገይ የሚጎዳው ራሱን ብቻ አይደለም፤ አብሮት የሚሠራው መነኩሴ ጥሎት ለመሄድም አብሮት ለመቅረትም ይቸገራል። በሳሙና የተነከረው ሳህን እንደተነከረ ይቆይ፤ ከጸሎት በኋላ ያገኙታል።

አርምሞን በተመለከተ ብዙዎች ሹክሹክታን እንደ ዝምታ ይቆጥሩታል። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ግን ሹክሹክታ ጆሮን ይበልጥ ይስባል፤ የሚያስፈልግ ቃል ካለ ጠጋ ብለው በዝቅተኛ ድምፅ፣ ባጭሩ ይናገሩት። ከንግግር ይልቅ የሚረብሹም ነገሮች አሉ፤ በኃይል የሚዘጋ በር፣ እየተጎተተ የሚሄድ ጫማ፣ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ የሚንቀጠቀጥ ስልክ ግድግዳ አልፈው ይሰማሉ። ስልኩን ማጥፋት ካልቻሉ ልብስ ውስጥ ጠቅልለው ያኑሩት።

ከማታው የመጨረሻ ጸሎት እስከ ማለዳው ድረስ ያለው አርምሞ ከሁሉ የጠበቀ ነው። ሆኖም እዚህ ላይ ተቃራኒውን ስህተትም አይቻለሁ። አንድ እንግዳ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስታውከው አድሮ፣ ዝምታውን እንዳላፈርስ ብሎ የማንንም በር ሳያንኳኳ ነጋ። ጠዋት ስናገኘው ለመቆም አቅም አልነበረውም። ያው የቤኔዲክቶስ ሥርዓት በ42ኛው ምዕራፍ የሌሊቱን ዝምታ ሲያጸና የእንግዳን ችግር ለይቶ አውጥቶታል። ሲታመሙ ያንኳኩ፤ የእንግዳ ተቀባዩ ክፍል የትኛው እንደሆነም በገቡበት ቀን ይወቁ።

ስለ ልብስ ብዙ የምለው የለኝም። ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን፣ ሰፋ ያለ ልብስ ይያዙ፤ ራስ መሸፈን ያስፈልግ እንደሆነ ከመምጣትዎ በፊት ይጠይቁ። የሚረሳው የሥራ ልብስ ነው፤ ለጸሎት ያመጡት ብቸኛ ልብስ በጭቃ ከተበላሸ በማግስቱ የሚለብሱት ያጣሉ። በተንቀሳቀሱ ቁጥር የሚንሿሿ ጃኬትም ቤትዎ ይቅር።

በመሄጃዎ ጠዋት አዲስ ሥራ አይቀበሉ። አንሶላውን ገፍፈው በተነገረዎ ቦታ ያኑሩ፤ የክፍሉን ቁልፍ ደግሞ በር ላይ ትተው ሳይሆን በእንግዳ ተቀባዩ እጅ ሰጥተው ይሂዱ።