ከመንግሥት ሥራ ወደ ግል ድርጅት ከመዛወርዎ በፊት ሂሳቡን እንዴት ይሠራሉ?

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ የሂሳብ ባለሙያ እናስብ። ደመወዟ 12,000 ብር ነው። አንድ አስመጪ ድርጅት 22,000 ብር እከፍልሻለሁ አላት። ልዩነቱ 10,000 ብር ይመስላል፤ ግን አይደለም።

1. እጅ የሚገባውን ያስሉ

መጀመሪያ የተነገርዎት ደመወዝ ያልተጣራው ይሁን የተጣራው ይጠይቁ። ከዚያ ግብሩን ይሥሩ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ሠንጠረዥ፣ ደመወዙ ከ10,000 እስከ 14,000 ብር ከሆነ 30 በመቶውን ወስደው 1,350 ብር ይቀንሱለት። ከ14,000 በላይ ከሆነ 35 በመቶውን ወስደው 2,050 ይቀንሱለት። የሚቀረው ግብርዎ ነው። በሁለቱም መሥሪያ ቤቶች 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም ይቆረጣል።

ባለሙያዋ አሁን 2,250 ብር ግብርና 840 ብር ጡረታ ተቆርጦባት 8,910 ብር ይደርሳታል። በአዲሱ ሥራ ግብሩ 5,650፣ ጡረታው 1,540 ይሆንና እጇ የሚገባው 14,810 ነው። እውነተኛው ልዩነት 5,900 ብር ነው።

2. በነፃ ያገኙት የነበረውን ይቀንሱ

አሁን በመንግሥት ሠራተኞች ሰርቪስ ነው የምትመላለሰው። አዲሱ ድርጅት መኪና የለውም። ታክሲ በቀን 100 ብር ቢፈጅባትና በወር 24 ቀን ብትሠራ 2,400 ብር ይወጣል። የቀራት 3,500 ብር ነው። 24 ቀን ያልኩት ቅዳሜም ስላለ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ በሳምንት እስከ 48 ሰዓት ማሠራት ይፈቅዳል። ልጅ ያላት እናት ቅዳሜዋን በዋዛ ልታየው አይገባም።

3. መሠረታዊ ደመወዙን ለይተው ይጠይቁ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ድርጅት 22,000 ይልና ውሉ ላይ መሠረታዊ ደመወዙን 8,000 ብቻ አድርጎ ሌላውን አበል ይለዋል። ጡረታ የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዝ ነው። አሠሪው የሚያዋጣልዎት 11 በመቶም አብሮ ያንሳል።

በመንግሥት የሠሩት ዘመን ወደ ግል ሲሄዱ አይጠፋም፤ አንድ ላይ ይደመራል። ግን የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። 8 ዓመት የሠራ ሰው መዋጮ ወደማይከፍል ድርጅት ቢገባ ቆጠራው እዚያው ይቆማል። ስለዚህ በድርጅቱ ውስጥ የሚሠራ ሰው ፈልገው መዋጮው በየወሩ ገቢ ይደረግ እንደሆነ ይጠይቁ። ከቀጣሪው ቃል ይልቅ የሠራተኛው መልስ ይታመናል።

4. ሥራው ስንት ወር መቆየት እንዳለበት ይወቁ

ዋናው ስሌት ይህ ነው። ሥራው ድንገት ቢቋረጥ ሌላ እስኪገኝ ሦስት ወር ይፈጃል እንበል። የቤቱ ወጪ በወር 9,000 ከሆነ 27,000 ብር መጠባበቂያ ያስፈልጋል። 27,000ን ለ3,500 ሲያካፍሉ ወደ 8 ወር ይመጣል። ይህም ትርፉን ሳትነካ ብታስቀምጠው ነው። ሥራው ከ8 ወር በፊት ከተቋረጠ መልቀቋ ጎድቷታል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ናቸው፤ ያኔ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብቷት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ ሠራተኛ ቢቀንስ ወይም ቢዘጋ ሕጉ የሥራ ስንብት ክፍያና ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ያዛል። ግን ይህ በወረቀት ላይ ነው። ከከሰረ ድርጅት ገንዘብ ማግኘት እጅግ ሊያንገላታ ይችላል፤ መጠባበቂያዎን በእሱ ላይ አይመሥርቱ።

ሕመምንም ያስቡ። በግል ድርጅት የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የማያቋርጥ ሕክምና የሚከታተል ሰው ቤት ውስጥ ካለ መጠባበቂያው ከሦስት ወር ይብለጥ።

5. ቁጥሩን ይዘው ይደራደሩ

በእኔ እምነት ለ3,500 ብር የመንግሥት ሥራ መልቀቅ አያዋጣም። ባለሙያዋ 26,000 ብትጠይቅና ቢሰጧት እጇ የሚገባው 17,130 ይሆናል። ታክሲው ተቀንሶ 5,820 ይተርፋታል፤ መጠባበቂያዋም በ5 ወር ገደማ ይሞላል። ደመወዙን አንጨምርም ካሉ ሰርቪስ ትጠይቅ፤ 2,400 ብሯን ያድንላታል።

6. መልቀቂያውን በቅደም ተከተል ያስገቡ

መንግሥት ያስተማረዎት ከሆነ የቀረ የአገልግሎት ግዴታ መኖሩን ከሰው ኃይል ክፍል ያጣሩ። ከዚያ ከአዲሱ ድርጅት የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ውል ይቀበሉ። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ይሁን ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ደጋግመው ያንብቡ። ሥራ የሚጀምሩበትን ቀንም የአንድ ወር ማስጠንቀቂያውንና ክሊራንሱን በሚያስችል መንገድ ያስጽፉ፤ ማመልከቻዎን የሚያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው።