ቪዲዮ ሲላክ ጨዋታው ለምን ይዘገያል?

ምልክቱ፦ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ያለ አንድ ቤት እንውሰድ። ሌላ ሰው ኢንተርኔት በማይጠቀምበት ሰዓት የኳስ ጨዋታው ያለ እንከን ይሄዳል። እህት የሠርግ ቪዲዮ በቴሌግራም መላክ ስትጀምር ግን ቁልፉ ተጭኖ፣ ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው ተጫዋቹ እግሩን የሚያነሳው። ብዙ ሰው ወዲያው ፈጣን ጥቅል ይገዛል፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደለም።

ለማረጋገጥ ኮምፒውተሩን በኬብል አገናኙና በዊንዶውስ ይህን ጻፉ፦

```
ping -t 8.8.8.8
```

መጀመሪያ ቤቱ ጸጥ ባለበት፣ ቀጥሎም ትልቅ ፋይል እየተላከ ከ`time=` ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ተመልከቱ። 120 ሚሊሰከንድ የነበረው ወደ 900 ከዘለለ ምክንያቱ ወረፋ ነው። ጸጥ ባለበትም 900 ከሆነ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ይህ መፍትሄ አይረዳችሁም።

ምክንያቱ፦ የመላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢሆን፣ በሰከንድ የሚወጣው 250 ኪሎባይት ነው። ሞደሙ ከቪዲዮው 200 ኪሎባይት ተቀብሎ ካስቀመጠ፣ ከኋላ የደረሰችው ትንሿ የጨዋታ መልእክት 0.8 ሰከንድ ትጠብቃለች። ሞደሙ ዳታ እንዳይጠፋ ብሎ ብዙ ማከማቸቱ ነው ጨዋታውን የሚጎዳው።

መፍትሄው፦ ወረፋውን ከሞደሙ አውጥቶ ተራ ማስያዝ ለሚችል ራውተር መስጠት ነው። ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር የተጫነበት ራውተር ከሞደሙ ቀጥሎ ሰክታችሁ `luci-app-sqm` የተባለውን ፕሮግራም ጫኑበት። በ`SQM QoS` ገጽ ላይ ወደ ሞደሙ የሚሄደውን መስመር ምረጡና `Enable this SQM instance` የሚለውን አብሩ፤ ከዚያ `cake` እና `piece_of_cake.qos` የሚሉትን ምረጡ። ይህ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ግንኙነት ተራ ስለሚሰጥ የጨዋታው መልእክት ከቪዲዮው ኋላ አይሰለፍም፤ ቪዲዮውም ወረፋ ሲያበዛ እንዲቀንስ ይገደዳል።

ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። በዚያው ገጽ የሚሞላው ውል ላይ የተጻፈው ሳይሆን መስመሩ በሚጨናነቅበት ምሽት የተለካው ነው፤ ከእርሱም 85 በመቶውን ያዙ። ልኬቱ 10 ሜጋቢት መቀበያ እና 2 ሜጋቢት መላኪያ ከሆነ በኪሎቢት 8500 እና 1700 ሙሉ። ከተለካው በላይ ከሞላችሁ ወረፋው ወደ ሞደሙ ይመለሳል፤ ሥርዓቱም እንደሌለ ይቆጠራል። የተተወው 15 በመቶ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ቪዲዮው ጥቂት ቢዘገይ ማንም አያስተውለውም።

አሁንም ካልተስተካከለ፦ በመጀመሪያ የሞደሙን ዋይፋይ አጥፉ። እህት በስልኳ አሁንም በእርሱ የምትገናኝ ከሆነ ቪዲዮዋ በራውተሩ አያልፍም፤ ይህ በተደጋጋሚ የሚረሳ ነገር ነው። ቀጥሎ የመላኪያውን ቁጥር ወደ 1500 አውርዳችሁ ፒንጉን ድገሙ። በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። የሞባይል 4ጂ መስመር ደግሞ ፍጥነቱ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ አንድ ቋሚ ቁጥር ይከብደዋል፤ እዚያ ዝቅተኛውን ልኬት መያዝ ይሻላል። ጸጥ ባለበት የነበረው 120 ሚሊሰከንድ ግን አይቀንስም፤ እርሱ ሰርቨሩ ያለበት ሩቅ አገር ድረስ ያለው መንገድ ነው።